በ31 መልእክት አናት ላይ የምትጻፍ ምሪት

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ የአንድ ቡና ላኪ ድርጅት ቅርንጫፍ የሰነድ ሠራተኛ ነኝ። ከውጭ ገዢያችን ጋር ስለ ናሙና የተጻጻፍነውን 31 መልእክት አዲስ አበባ ላሉት ሥራ አስኪያጃችን «ለእይታዎ» ብዬ አስተላለፍኩላቸው። ከሁለት ቀን በኋላ «ምን ላድርገው?» የሚል መልስ መጣልኝ። ከዚያ በፊት ስለ ሌላ ጉዳይ ሙሉ ገጽ ማብራሪያ ጽፌላቸው «ይህን ሁሉ መቼ ላንብበው?» ብለውኛል። ሳሳጥር ጎደለ፣ ሳስረዝም በዛ። አንዳንዱ መልእክት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ እሳቸው አያነቡትም። ከላይ ምን ያህል፣ ምንስ ብዬ ልጻፍ? አለቃን «ይህን ያድርጉ» ማለትስ ድፍረት አይሆንም? ልውውጡንና ያን ማብራሪያ ስሞቹን አጥፍቼ ልኬልዎታለሁ።

ምላሽ፦

ሁለቱን ቀን የበላችብሽ «ለእይታዎ» የምትለዋ ቃል ናት። ሥራ አስኪያጅሽ የተባሉትን አድርገዋል፤ አይተውታል። ከማየት ሌላ ምን እንደሚጠበቅባቸው ግን ከ31ዱ መልእክት በአንዱም ውስጥ አልተጻፈም። ሊጻፍም አይችልም ነበር፤ መልእክቶቹ ለእሳቸው አልተጻፉማ። ገዢው ለአንቺ፣ አንቺ ለማጠቢያ ጣቢያው፣ ጣቢያው ለመጋዘኑ ነው የጻፋችሁት። እሳቸው ጨዋታው ከተጋመሰ በኋላ እንደገባ እንግዳ ናቸው፤ ማን ስለ ምን እንደሚያወራ እስኪገባቸው ቡናው ሦስተኛው ላይ ይደርሳል።

እኔ ኢሜይል ከመልመዴ በፊት እዚሁ ጅማ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። በዚያን ጊዜ በክር የታሰረ ወፍራም ፋይል ከክፍል ወደ ክፍል ሲዞር ማንም ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አያነበውም ነበር። ከሁሉ በላይ ባለው ደብዳቤ ኅዳግ ላይ ኃላፊው በቀይ እስክሪብቶ የጻፈው ምሪት አለ፦ «ለሂሳብ ክፍል፤ ከውሉ ጋር ተመሳክሮ እስከ ዓርብ ይከፈል»። ማን፣ ምን፣ በምን ላይ ተመሥርቶ፣ እስከ መቼ፤ ሁሉም በአንድ መስመር። ከሥሩ ያለው ወረቀት የሚገለጠው የሚያጠራጥር ነገር ሲኖር ብቻ ነው። ጉዳዩ ከባለሙያው ወደ ኃላፊው ሲወጣ ደግሞ ባለሙያው አጭር ማስታወሻ ከላይ አድርጎ «ለውሳኔ ቀርቧል» ይላል። ኮምፒውተሩ ሲመጣ ፋይሉን ይዘን ምሪቱን ጣልነው።

ስለ ድፍረቱ የጠየቅሽውም መልሱ እዚያው አለ። «ለውሳኔ ቀርቧል» ትእዛዝ አይደለም፤ የበታች ሠራተኛ ለበላዩ የሚጽፈው የቆየ የአክብሮት አነጋገር ነው። «ይህን ያድርጉ» አትይም፤ «በዚህ ላይ ውሳኔዎ ያስፈልጋል» ትያለሽ። እንዲያውም ከሁለቱ ድፍረት የሚሆነው 31 መልእክት አሸክሞ «እርስዎ ይፈልጉት» ማለት ነው።

ሙሉውን ገጽ ማብራሪያሽንም አይቼዋለሁ። ችግሩ ርዝመቱ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ነው። ነገሩ በተፈጸመበት ተራ ነው የጻፍሽው፦ በዚህ ቀን እንዲህ ተባለ፣ ከዚያ እንዲህ ብለን መለስን፣ ከዚያ ደግሞ… ጥያቄው የወጣው በመጨረሻው አንቀጽ ነው። ስብሰባ ላይ ሆኖ ስልኩን የሚያይ ሰው እዚያ አይደርስም። ያንኑ ገጽ ገልብጠሽው ቢሆን ኖሮ ግማሹ ራሱ ትርፍ መሆኑ ይታይሽ ነበር።

እንግዲህ ወደ ናሙናው ጉዳይ እንግባ። የድርጅትሽ ምሥጢር እንዳይወጣ ቁጥሮቹንና ቀኖቹን ቀይሬአለሁ፤ የነገሩ አካሄድ ግን ያው ነው።

ለመጻፍ ከመቀመጥሽ በፊት ልውውጡን ከታች ወደ ላይ፣ ማለትም ከአሮጌው ወደ አዲሱ አንብቢው። ስታነቢ አንድ ነገር ብቻ ፈልጊ፤ እስከ አሁን መልስ ያላገኘው ጥያቄ የቱ ነው? በአንቺ ልውውጥ ውስጥ ስለ ኬሻው ዓይነት፣ ስለ ናሙናው ፖስታ መዘግየት፣ ስለ ባንክ ሰነድ ብዙ ተጽፏል፤ ሁሉም ግን ተዘግቷል። የተዘጋ ነገር ማጠቃለያው ውስጥ አይገባም፤ የቱንም ያህል ያደከመሽ ቢሆን። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ክፍል ነው፤ ሰው የለፋበትን መተው አይወድም። ተከፍቶ የቀረው አንድ ነገር ነው። ገዢው ከጭነት በፊት በላክንለት ናሙና ላይ 12.4 በመቶ እርጥበት ለክቷል፤ ውሉ የሚፈቅደው እስከ 12 ነው፤ ስለዚህ ወይ በፓውንድ 4 የአሜሪካ ሳንቲም ቅናሽ ወይ አዲስ ናሙና ይፈልጋል። የቀረው ሁሉ ለዚህ አጃቢ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ስህተት ልንገርሽ። አንድ ጊዜ የወረቀት ግዢ ልውውጥ ሳጠቃልል «አቅራቢው በዋጋው ተስማምቷል» ብዬ ለኃላፊዬ ጻፍኩ። በ6ኛው መልእክት በእርግጥ ተስማምቶ ነበር። በ19ኛው ግን በትህትና፣ በአንድ ሐረግ፣ ሐሳቡን ቀይሯል። ኃላፊዬ የእኔን መስመር አምነው የግዢ ትእዛዙን ፈረሙ፤ ከዚያ በኋላ የነበረውን ሳምንት አላስታውሰውም ብል ደስ ይለኛል። ከዚያ ወዲህ ማጠቃለያ ውስጥ የማስገባው ቁጥር ሁሉ የተነገረበት ቀን አጠገቡ አለ። ቀን ያልተጻፈበት ቁጥር ከየትኛው መልእክት እንደተወሰደ አንባቢው ሊያውቅ አይችልም፤ ብዙ ጊዜ ጸሐፊውም አያውቅም።

በአንቺም ልውውጥ ውስጥ እንዲህ ያለ ወጥመድ አለ፤ የእኔው ይሻላል እስክል ድረስ የተደበቀ። የጣቢያው ኃላፊ ታኅሣሥ 28 ቡናውን ለክተው 11.6 በመቶ ብለዋል። ከዚያ በኋላ በ15ኛው መልእክት፣ ጥር 14 ቀን፣ መጋዘን ውስጥ ደግመው ሲለኩት 12.1 እንደሆነ በአፋን ኦሮሞ ጽፈዋል። ቡና የአየሩን እርጥበት ይስባል፤ መለኪያ ከመለኪያም ይለያያል፤ ስለዚህ ልዩነቱ አይገርምም። የሚያስፈራው ሌላ ነው። አንቺ ያስተላለፍሽው መልእክት ውስጥ ያ 15ኛ መልእክት የለም።

እንዴት እንደጠፋ ላስረዳ። የጣቢያው ኃላፊ የመለሱት ለ14ኛው መልእክት ነው። ገዢውም በማግሥቱ የመለሰው ለዚያው ለ14ኛው ነው፤ የኃላፊውን መልስ አላየውም፤ ለአንቺ ብቻ ስለተላከ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በገዢው መልስ ላይ እየተደራረበ ሄደ። ልውውጡ ከ14ኛው ላይ እንደ ቡና ግንድ ለሁለት ተከፍሏል ማለት ነው። ጂሜይል ሁሉንም በአንድ ረድፍ ስለሚያሳይሽ መከፈሉ አይታይም። የመጨረሻውን መልእክት ከፍተሽ `Forward` ስትይ ግን ከሥሩ የሚሄደው እሱ የተደገፈበት መስመር ብቻ ነው፤ ሌላው ቅርንጫፍ አንቺው ጋ ይቀራል። ሥራ አስኪያጅሽ 11.6ን ብቻ አይተው «ገዢው ዋጋ ለማስቀነስ ነው፤ ተከራከሩት» ቢሉ ኖሮ አይፈረድባቸውም። በራሳችን ልኬት ከውሉ በላይ መሆናችንን አያውቁምና።

ይህን የምታውቂው ከመላክሽ በፊት ረቂቁን እስከ ታች በማየት ነው። በልውውጡ የተሳተፉትን ሰዎች ስም ያዢና ረቂቁ ውስጥ አንድ በአንድ ፈልጊያቸው። የጠፋ ሰው ካለ ቅርንጫፍ ቀርቷል። በኮምፒውተር ላይ ጂሜይልን የምትጠቀሚ ከሆነ ከልውውጡ በላይ ካሉት ሦስት ነጠብጣቦች ውስጥ `Forward all` የሚለው ሁሉንም መልእክት በአንድ ላይ ይወስዳል። የመጨረሻው መልእክት ሥር ያለው `Forward` እና ይህ አንድ አይደሉም፤ ብዙ ሰው አንድ ይመስሉታል።

አባሪም እንደዚሁ ነው። በ9ኛው መልእክት ላይ የተያያዘው ውል በ31ኛው መልእክት ላይ የለም፤ ሰው መልስ ሲጽፍ ጽሑፉ ይከተላል እንጂ አባሪው አይከተልም። ስለዚህ «ውሉን ከታች ይመልከቱ» ብለሽ ጽፈሽ ከታች ምንም ላይኖር ይችላል። የሚያስፈልጉትን ሁለት ወረቀቶች፣ ውሉንና የጥር 14ቱን ልኬት፣ አውርደሽ አዲስ አድርገሽ አያይዣቸው፤ የፋይል ስማቸውንም ሰው የሚያነበው ስም አድርጊው። ከስካነሩ እንደወጣ የቁጥር ክምር ሆኖ የሚሄድ ፋይል የሚከፈተው መጨረሻ ላይ ነው።

አሁን እንጻፈው። ርዕሱ ከአንቺ የሄደው `Fwd: Re: Re: Fwd: sample` ሆኖ ነው። የቢሮ ደብዳቤ ላይ «ጉዳዩ፦» የሚለውን ቦታ ባዶ እንደ መተው ማለት ነው። አጥፊውና እንዲህ በይው፦

«ለውሳኔ፣ እስከ ሐሙስ ጥር 21 ከቀኑ 6 ሰዓት፦ የሊሙ 2ኛ ደረጃ የታጠበ ቡና፣ 320 ኬሻ፣ እርጥበት»

ከዚያ ከሁሉ በላይ፣ ከተላለፈው ጽሑፍ መጀመሪያ በፊት፣ ይህን፦

«ጤና ይስጥልኝ። ገዢው የጠየቀውን የ4 ሳንቲም ቅናሽ እንቀበል ወይስ ቡናውን አስጥተን አዲስ ናሙና እንላክ? ውሳኔዎ እስከ ሐሙስ ጥር 21 (ጃንዋሪ 29) ከቀኑ 6 ሰዓት ያስፈልጋል።

ገዢው ናሙናውን 12.4 በመቶ ለክቷል (ጥር 18)፤ ውሉ እስከ 12 ይፈቅዳል። እኛ ታኅሣሥ 28 ስንለካ 11.6 ነበር፤ ጥር 14 መጋዘን ውስጥ ደግመን ስንለካ 12.1 ሆኗል። ሁለተኛውን ልኬት ገዢው አያውቅም።

ሀ. ቅናሹን መቀበል፦ ጠቅላላ ወደ 1,693 ዶላር እናጣለን። ጭነቱ በተያዘለት ቀን፣ ጥር 28፣ ይወጣል።
ለ. ማስጣት፦ ጣቢያው 3 ቀን ይበቃል ይላል፤ ናሙናው ለመድረስ 5 ቀን ይፈልጋል፤ ስለዚህ የጥር 28ቱ ጭነት ያልፈናል። የጉልበት ወጪው ገና አልተሰላም።

የእኔ ሐሳብ ሀ ነው። የሁለተኛው ልኬት ወረቀትና ውሉ ተያይዘዋል (ውሉ ላይ ገጽ 2ን ይመልከቱ)። ለእኔ «ሀ» ወይም «ለ» ብለው ቢመልሱ ይበቃል፤ ለገዢው እኔ እጽፋለሁ።»

ይኸው ነው። ስልክ ላይ አንድ ገጽ ያህል ይሆናል። ለምን እንዲህ እንደሆነ አንዳንዱን ላንሳ።

ጥያቄው ከሰላምታው ቀጥሎ፣ በዚያው መስመር ላይ ነው። ስልክ መልእክት መግባቱን ሲያሳውቅ የሚያሳየው ርዕሱንና የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቃላት ነው። «ክቡር ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣ በቅድሚያ ከፍ ያለ ሰላምታዬን እያቀረብኩ» ብለሽ ከጀመርሽ ያች ቦታ በሰላምታ ታልቃለች። ሰላምታ ይቅር አላልኩም፤ ያለ ሰላምታ መጻፍ በእኛ ዘንድ ቁጣ ይመስላል። «ጤና ይስጥልኝ» ግን ሁለት ቃል ነው፤ አክብሮቱ ደግሞ በቀረው ዓረፍተ ነገር «ውሳኔዎ» በሚለው ውስጥ አለ።

1,693 ዶላሩን አንቺ አስይው። ገዢው የጻፈው «4 ሳንቲም በፓውንድ» ብሎ ነው፤ ቡና በዓለም ገበያ የሚነገረው እንዲያ ስለሆነ። ሥራ አስኪያጅሽ ግን የሚወስኑት በጠቅላላው ገንዘብ ነው። 320 ኬሻ በ60 ኪሎ 19,200 ኪሎ፣ ይህም 42,328 ፓውንድ ያህል ነው፤ በ4 ሳንቲም ሲባዛ ያ ቁጥር ይወጣል። ይህን ስሌት ስብሰባ መሐል በስልካቸው እንዲሠሩት ከተውሽላቸው «ማታ አየዋለሁ» ይላሉ፤ ማታ ደግሞ ሌላ 31 መልእክት ይመጣል።

ያልታወቀውም ተጽፏል። «የጉልበት ወጪው ገና አልተሰላም» የምትለውን መስመር ብዙ ሰው ያፍርባታል፤ ሥራውን ያልጨረሰ ስለሚመስለው። እሷን ከተውሻት ግን ሥራ አስኪያጁ ወጪ የለውም ብለው ያስባሉ፤ ወይም ያንኑ ለመጠየቅ ሌላ መልእክት ይጽፋሉ፤ አንድ ቀን ይሄዳል። ክፍተቱን በስሙ ከጠራሽው ወይ «አስልተሽ አምጪ» ይላሉ ወይ «ይሁን፣ ሀ» ይላሉ።

ቀኑና ሰዓቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኛ አገር ስህተት የሚበዛው እዚህ ነው። ገዢው የጻፈው «ሐሙስ ጃንዋሪ 29፣ በእኛ ሰዓት 10:00» ብሎ ነው። ገዢው ያለው ሀምቡርግ ነው፤ በጥር ወር የእነሱ ሰዓት ከእኛ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ የእነሱ ጠዋት 10:00 በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። ያን «10 ሰዓት» እንዳለ ገልብጠሽ ብታስተላልፊው ሥራ አስኪያጅሽ እንደ እኛው ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ነው ብለው ይረጋጋሉ፤ መልሳቸው የሚደርሰው ቀነ ገደቡ ካለፈ ከአራት ሰዓት በኋላ ይሆናል። በማጠቃለያው ውስጥ የሚቆመው የአንባቢው ሰዓት ነው። ቀኑን ግን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፊው፤ ሥራ አስኪያጅሽ ከታች ያለውን የገዢውን መልእክት ሲያዩ «29» የሚለውን ከ«21» ጋር ማገናኘት አለባቸው። (አውሮፓውያን በበጋቸው ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ስለሚያዞሩ ያኔ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ይሆናል። በጥር የሠራሽውን ስሌት በግንቦት አትድገሚው።)

የአፋን ኦሮሞውን መልእክት ሙሉ ትርጉም መጻፍ አያስፈልግም። ውሳኔው የተንጠለጠለበትን ፍሬ ነገር፣ 12.1ንና ጥር 14ን፣ ማጠቃለያው ውስጥ በአማርኛ አስገብተሻል፤ ያ ይበቃል። ዋናውን ግን ከሥር እንዳለ ተዪው። ትርጉምሽን የሚጠራጠር ሰው ቢኖር ወይም ጉዳዩ ነገ ጭቅጭቅ ቢያስነሳ የጣቢያው ኃላፊ በገዛ ቋንቋቸው ምን እንዳሉ መታየት አለበት።

«የእኔ ሐሳብ ሀ ነው» የሚለውን ለማውጣት ትፈልጊ ይሆናል። አታውጪው። ግን ቦታውን ተመልከቺ፤ ከእውነታው ተለይቶ፣ ለብቻው፣ ወደ መጨረሻው ነው። «ገዢው ያለ ምክንያት 4 ሳንቲም ጠየቀ» ብለሽ ሐሳብሽን እውነታው ውስጥ ብትቀላቅይው ሥራ አስኪያጁ ሳያውቁት በአንቺ ዓይን ያያሉ። ለብቻው ሲቆም ግን ሊቀበሉትም ሊጥሉትም ይችላሉ፤ ሲቀበሉት የሚጽፉት አንድ ፊደል ነው።

አሁን ስለ አደጋው። ከሥር ያለው ልውውጥ ውስጥ 12.1 አለ። የጣቢያው ኃላፊ ስለ ገዢው የጻፉት አንድ ለስላሳ ያልሆነ ዓረፍተ ነገርም አለ። ሥራ አስኪያጅሽ ማየታቸው ተገቢ ነው። ሁለተኛውን ልኬት ለገዢው መናገር አለመናገርም የእሳቸው ውሳኔ ነው፤ በእኔ እምነት ቢነገረው ይሻላል፤ 12.4 ለለካ ሰው 12.1 አዲስ ወሬ አይደለም። ነገር ግን ውሳኔው ታስቦበት ይሁን እንጂ በስህተት የተጫነ ቁልፍ አይሁን። ማስተላለፍ እንደ ሰንሰለት ነው፤ አንቺ ለእሳቸው፣ እሳቸው ለሂሳብ ክፍል፣ ሂሳብ ክፍል ለባንክ… በአራተኛው እጅ ላይ ከሥር ምን እንዳለ ወርዶ የሚያይ የለም። ስለዚህ ከድርጅቱ ውጭ ወዳለ ሰው የሚሄድ ከሆነ ልውውጡን ጨርሶ አታስተላልፊ፤ አዲስ መልእክት ጻፊ።

በድርጅቱ ውስጥ ሆኖም ለአንባቢው የማይገባ ክፍል ካለ መቁረጥ ይቻላል፤ በቆረጥሽበት ቦታ «ከዚህ ላይ 4 መልእክት ወጥቷል፤ ስለ ደመወዝ ነው» ብለሽ ምልክት አድርጊ። የማይቻለው የሰውን ቃል ማስተካከል ነው። የሆሄ ስህተትም ቢሆን አትንኪው። የተላለፈ ጽሑፍ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ሊለወጥ ስለሚችል እምነቱ ያለው በአስተላላፊው ላይ ብቻ ነው። ጉዳዩ ወደ ክርክር የሚያመራ ከመሰለሽ ዋናዎቹን መልእክቶች `Forward as attachment` በሚለው ልትልኪያቸው ትችያለሽ፤ ያኔ እያንዳንዱ ከነላኪው፣ ከነቀኑ፣ እንደ ፋይል ተያይዞ ይሄዳል።

ግልባጩን በተመለከተ፦ በተቀባዩ ቦታ፣ `To` በሚለው ላይ፣ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ የሚወስነው። የሂሳብ ክፍሉና የጣቢያው ኃላፊ በግልባጭ ይሁኑ። ሦስቱንም በ`To` ላይ ደርድረሽ «ውሳኔያችሁ ያስፈልጋል» ብትይ እያንዳንዱ ሌላውን ይጠብቃል። ከግልባጩ ሰዎች አንዱ የሚሠራው ነገር ካለ ደግሞ በማጠቃለያው ውስጥ ለብቻው መስመር ይኑረው፦ «የጣቢያው ኃላፊ፦ የማስጫውን የጉልበት ወጪ እስከ ረቡዕ ይላኩልን»። ለእሳቸው የምትጽፊውን መስመር በአፋን ኦሮሞ ብታደርጊው ማንም አይከፋም።

ይህን ሁሉ ስል ለሦስት መልእክት ልውውጥ እንዲህ ያለ ማጠቃለያ ጻፊ ማለቴ አይደለም። ያኔ «ከታች የጠየቁትን ዋጋ እናጽድቅ? እስከ ነገ» የምትል አንድ መስመር ትበቃለች። ውሳኔ የማያስፈልገው ነገር ሲሆንም «ለመረጃ ብቻ፤ ከእርስዎ የሚፈለግ የለም» በይ። ይህችን መስመር የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው፤ አለቆች ግን ከሁሉ አብልጠው የሚወዷት እሷን እንደሆነ አይቻለሁ።

የቀረው መልሱ ሲመጣ ያለው ነገር ነው። ሥራ አስኪያጅሽ «ሀ» ብለው ሲመልሱ መልሱ የሚመጣው ላስተላለፍሽው ለአንቺ ነው፤ ገዢው ምንም አያየውም። «መልስ ተሰጥቷል» ብለሽ እንዳትቀመጪ። ለገዢው ስትጽፊ ደግሞ የእሳቸውን «ሀ» ከፍተሽ የገዢውን አድራሻ አትጨምሪበት፤ ማጠቃለያሽ ከነ12.1ዱ ከሥር ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ወደ 31ኛው መልእክት፣ ወደ ገዢው የራሱ ደብዳቤ ተመለሽና ከዚያ ላይ `Reply` በይ። ከዚያ ለሥራ አስኪያጅሽ አንድ መስመር፦ «ለገዢው ዛሬ 5 ሰዓት ተጽፏል፤ ግልባጩ ደርሶዎታል»።